ስለ ኡድና ምስክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ እውነተኛው ለምን ተወደደ? እኛ የምንገዛው ጠርሙስ ውስጥስ ያለው ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ሽቶ እየቀመምኩ እሸጣለሁ፤ ከታች ያሉት ደንበኞቼ በየቀኑ የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው።

ኡድ ምንድን ነው? ዕጣን ነው፣ እንጨት ነው ወይስ ዘይት?

ኡድ የታመመ እንጨት ነው። አኩላሪያ የሚባል ዛፍ አለ። የሚበቅለው በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው፤ በህንድ አሳም፣ በካምቦዲያ፣ በቬትናም፣ በላኦስ፣ በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ። ጤነኛው ዛፍ ሲፈለጥ እንጨቱ ነጣ ያለ፣ ቀላልና ምንም ሽታ የሌለው ነው። ዛፉ ሲቆስል ግን፣ ለምሳሌ ትል ሲበሳው ወይም ቅርንጫፉ ሲሰበር፣ በቁስሉ በኩል ሻጋታ ይገባል። ዛፉም ራሱን ለመከላከል ጥቁር ሙጫ ያመነጫል። ሙጫው የዋጠው የእንጨቱ ክፍል ነው ኡድ የሚባለው።

እንጨቱ ተሰንጥቆ በፍም ላይ ሲጨስ የምናውቀው የኡድ ጢስ ይሆናል። ተፈልቶ ሲወጣ ደግሞ የኡድ ዘይት ነው። ቡኹር የሚባለው ሌላ ነው። ቡኹር ብዙውን ጊዜ የእንጨት ዱቄት ወይም ስንጣሪ በሽቶ ዘይትና በስኳር ተለውሶ የሚዘጋጅ ነው። ከአረብ አገር የምትመጣ እህት ለቤተሰብ ይዛ የምትመጣው አብዛኛው ይኸው ነው። መዓዛው ጥሩ ነው፤ ግን ኡድ ከማለት ይልቅ ቡኹር ማለቱ ትክክል ነው።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል ተወደደ?

መጀመሪያ ነገር፣ ሁሉም ዛፍ ሙጫ አይኖረውም። በጫካ ካሉት ውስጥ ሙጫ የያዙት ጥቂቶቹ ናቸው። የትኛው እንደያዘ ደግሞ ከውጭ በቀላሉ አይታወቅም። ስለዚህ ፈላጊዎች ብዙ ዛፍ በከንቱ ቆረጡ። ዝርያው እየተመናመነ ሲሄድ፣ በመጥፋት ላይ ያሉ ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1995 ዋናውን የአኩላሪያ ዝርያ በቁጥጥር ስር አስገባው። በ2004 ደግሞ ሁሉም የአኩላሪያ ዝርያዎች እንዲገቡ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ በሕጋዊ መንገድ የሚወጣ ኡድ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ሙጫው በአንድ ክረምት አይሞላም። ዛሬ በእርሻ የሚተከለውን ዛፍ ገበሬዎች በመሰርሰሪያ ይበሱታል፤ ሻጋታ ወይም ሌላ ማነቃቂያ ይከቱበትና ዓመታት ይጠብቃሉ። ይህ ዋጋውን አውርዶታል። የጫካው አሮጌ ኡድ ግን አሁንም ሌላ ነው። ሙጫው ሞልቶት ውሃ ውስጥ የሚሰጥም እንጨት ከሁሉም በላይ ይከበራል። በቻይንኛ የኡድ ስሙ ራሱ «የሚሰጥም ዕጣን» ማለት ነው።

ዘይቱ እንዴት ይወጣል? ከአንድ ኪሎ ምን ያህል ይገኛል?

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩ አይከብደውም። ጎጃም ውስጥ ጋኑ እሳት ላይ ይጣዳል፣ እንፋሎቱ በሸምበቆ ወይም በቱቦ ይሄዳል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ይጠራቀማል። የኡድም አወጣጥ በመሠረቱ እንዲሁ ነው። እንጨቱ ተፈጭቶ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ለበርካታ ቀናት ሳይቋረጥ ይፈላል። ከእንፋሎቱ ጋር የወጣው ዘይት ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ይቀዳል። የህንድ ኡድ የበረት ሽታ የሚመስለውን ጠረን የሚያገኘው ከዚሁ መዘፍዘፍ ነው፤ እንጨቱ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይብላላል፣ ይኮመጥጣል።

የሚገኘው ዘይት ግን ትንሽ ነው። እንደ እንጨቱ ደረጃ በጣም ቢለያይም ብዙ ጊዜ ከአንድ በመቶ በታች ነው። እስቲ ከአንድ ኪሎ እንጨት 2 ግራም ዘይት ይውጣ እንበል። በሽቶ ንግድ ቶላ የሚባለው መለኪያ 12 ግራም ያህል ነው። አንዲት ቶላ ለመሙላት 6 ኪሎ ሙጫ ያለው እንጨት ያስፈልጋል ማለት ነው። በላዩ የቀናት ማገዶና ጉልበት አለ። ሻጭ «ንጹሕ የካምቦዲያ ኡድ» ብሎ ቶላውን በጥቂት መቶ ብር ሲሰጣችሁ ይህን ስሌት አስታውሱ። ብሩ እንጨቱን እንኳ አይገዛም።

ምስክስ ከእንስሳ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሚዳቋ የምታክል፣ ቀንድ የሌላት፣ ረጅም ክራንቻ ያላት እንስሳ አለች። የምትኖረው በሂማላያ፣ በቲቤትና በሳይቤሪያ ተራሮች ነው። ምስኩ የሚገኘው ከወንዱ ብቻ ነው፤ እምብርቱ አጠገብ ባለ ከረጢት። ሲደርቅ ጥቁር ቡናማ ፍርፋሪ ይመስላል። ከአንዱ ወንድ የሚገኘው ወደ 25 ግራም ገደማ ነው። ለአንድ ኪሎ 40 ወንዶች ያስፈልጋሉ። ወጥመድ ደግሞ ወንድና ሴት፣ ትልቅና ግልገል አይለይም። ስለዚህ የሚሞተው ከ40 በላይ ነው።

ዛሬ ንግዱ በጣም የተገደበ ነው። ከህንድ፣ ከኔፓል፣ ከቡታንና ከአንዳንድ አጎራባች አገሮች የሚገኘውን ለንግድ ማሻገር በሳይተስ ክልክል ነው። የሌሎቹም ቁጥጥር አለበት። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ቻይና ውስጥ እንስሳውን ሳይገድሉ ምስኩን የሚወስዱ እርባታዎች አሉ፤ ምርቱ በአብዛኛው ወደ ባህላዊ መድኃኒት ይገባል። እናም ሱቅ ውስጥ ያለው ነጭ ምስክ፣ ጥቁር ምስክ፣ ምስክ ጠሃራ፣ ሁሉም ሰው ሠራሽ ነው ብላችሁ ብትነሱ አትሳሳቱም። ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም። እኔም የምሸጠው እሱኑ ነው፤ እንስሳው ስላልሞተበትም ደስ ይለኛል።

የኛ ዝባድና ምስክ አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ግን የሩቅ ዘመዶች ናቸው ማለት ይቻላል። ዝባድ የሚገኘው ከጥርኝ ነው። በከፋ፣ በጅማና በኢሉባቦር በኩል ገበሬዎች ጥርኙን በአጥር ቤት አስቀምጠው ከጭራው ስር ካለው ዕጢ ዝባዱን እየጠረጉ ይወስዳሉ፤ በቀንድ ሞልተውም ይሸጣሉ። ድሮ ይህ ዕቃ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ ይደርስ ነበር። ከዚያም በጎንደር በኩል ወደ ቀይ ባሕር ይወርድ ነበር። የኛ አካባቢ ሰው ለውድ መዓዛ ንግድ አዲስ አይደለም።

ዝምድናቸው የታወቀው በቤተ ሙከራ ነው። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1926 የሁለቱንም ዋና መዓዛ አሠራር ደረሰበት። የምስኩ ሙስኮን ይባላል፤ 15 የካርቦን አተሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ የሠሩበት ነው። የዝባዱ ሲቬቶን ይባላል፤ የሱ ክብ 17 ነው። እስከዚያ ድረስ ኬሚስቶች ይህን ያህል ሰፊ ክብ ጸንቶ ይቆማል ብለው አያምኑም ነበር። ሩዚችካ በ1939 የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። የዛሬዎቹ ጥሩ ጥሩ ሰው ሠራሽ ምስኮች ይህንኑ ሰፊ ክብ ተከትለው የተሠሩ ናቸው።

ሰው ሠራሽ ምስክ መጀመሪያ እንዴት ተገኘ?

ፈንጂ ሲፈለግ ነው የተገኘው። እ.ኤ.አ. በ1888 አልበርት ባውር የተባለ ኬሚስት ከቲኤንቲ የተሻለ ፈንጂ ለመሥራት ሲሞክር የሠራው ነገር ምስክ ምስክ ሸተተው። ከዚያ የሱ ዓይነቶቹ ለብዙ አሥርት ዓመታት ገበያውን ያዙ። ሁሉም ግን አልዘለቁም። ምስክ አምብሬት የተባለው ፀሐይ ሲነካው ቆዳ እንደሚያስቆጣ ታወቀና በአውሮፓ ለሽቶ እንዳይገባ ታገደ።

በ1960ዎቹ ጋላክሶላይድ የተባለው ምስክ መጣ። ርካሽ ነው፣ ንጹሕ ይሸታል፣ ጨርቅ ላይ ይጣበቃል። ለዚህ ነው በልብስ ሳሙናና በማለስለሻ ውስጥ የገባው። ብዙ ሰው ነጭ ምስክ ሲያሸት «ታጥቦ የደረቀ ልብስ ይመስላል» የሚለኝ ለዚህ ነው። ልክ ነው፤ አፍንጫው ከሳሙናው ያውቀዋል።

ሌላው እኔ የምወደው ኤቲሊን ብራሲሌት ነው። ሰፊ ክብ ካላቸው አንዱ ነው፤ ለስላሳ፣ ትንሽ ጣፋጭ። ስሙ የመጣው ከጎመን ወገን የሳይንስ ስም ከብራሲካ ነው። መነሻው ኤሩሲክ አሲድ የሚባል ቅባት ነው። ይህ ቅባት በኛው ጎመን ዘር ዘይት ውስጥ በብዛት አለ። ምጣድ የሚታሰስበት ጎመን ዘርና የምስክ ጠርሙስ በዚህ ይገናኛሉ።

ሰው ሠራሽ ኡድስ እንዴት ይቀመማል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራዬ ነውና። ምስክን በአንድ ንጥረ ነገር መተካት ይቻላል። ኡድን አይቻልም። የኡድ ዘይት በጣም ብዙ ንጥረ ነገሮች የተደባለቁበት ነው፤ ዋና ዋናዎቹን በፋብሪካ አንድ በአንድ መሥራት ከእንጨቱ በላይ ይወደዳል። ስለዚህ ቀማሚ የሚያደርገው ነገር ሥዕል ነው። የእንጨቱን፣ የሥሩን፣ የቆዳውን፣ የጢሱን ጠረን ከሌላ ከሌላ ቦታ አምጥቶ ያቀናብራል።

የሥዕሉ ዋና ቀለም ሲፕሪዮል የሚባል ዘይት ነው። ህንድ ውስጥ ከሚበቅል ሣር ሥር ይወጣል። ጣና ዳር ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የዚህ ሣር የቅርብ ዘመድ ነው፤ አንድ ወገን ናቸው። ሽታው ጢስ ጢስ፣ አፈር አፈርና ደረቅ እንጨት ይላል። መጀመሪያ ሳሸተው ኡድ መሰለኝ። በማግስቱ ስመለስበት ግን ሥርነቱ ገኖ ወጣ። ለብቻው አይበቃም።

እኔ 10 ግራም ስቀምም እንዲህ ነው። ጋላክሶላይድ ንጹሑ እንደ ማር ስለሚወፍር በግማሽ ቀጥኖ ነው የሚመጣው፤ ከሱ 3 ግራም። ኤቲሊን ብራሲሌት 2 ግራም። የጥድ ዓይነት ደረቅ ሽታ ያለው የሴዳር ዘይት 1.5፣ እንጨቱን የሚያሰፋልኝ አይሶ ኢ ሱፐር ሌላ 1.5። ሲፕሪዮል 0.6፣ ፓቹሊ 0.5፣ ሙጫነት እንዲሰማ ላብዳነም 0.3። የበርች ዛፍ ሬንጅ ለጢሱና ለቆዳው ይገባል፤ እሱን አስቀድሜ ወደ 10 በመቶ አቅጥኜ 0.1 ግራም ብቻ። ሬንጁ የተጣራው ዓይነት መሆን አለበት፤ ጥሬው ለቆዳ አይፈቀድም። የቀረውን ግማሽ ግራም ሽታ በሌለው ማቅጠኛ እሞላለሁ።

የሚበላሸው በብዛት ሬንጁ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሳላቀጥነው ጠብ አደረግኩበት። ጠርሙሱ ሁሉ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፤ ሦስት ሳምንት ጠብቄ አልተሻለውም፤ ደፋሁት። ሌላው ስህተት በጠብታ መቁጠር ነው። የወፍራም ዘይት ጠብታና የቀጭን ዘይት ጠብታ ክብደታቸው አይገናኝም። የግራም መቶኛ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን የግድ ነው። ተቀምሞ ሲያልቅ ጨለማ ቦታ ሁለት ሳምንት ያርፋል። መጀመሪያ ተለያይተው የሚሸቱት በኋላ ይዋሐዳሉ።

ምስኩ ለሌላው ይሸታል፣ ለኔ አይሸተኝም። ተጭበርብሬ ነው?

ላይሆን ይችላል። የምስክ ሞለኪውሎች ትልልቅ ናቸው። አንዳንድ ሰው አንዱን ምስክ ፈጽሞ አያሸትም፤ ሌላውን ግን ጥርት አድርጎ ያሸታል። በሽታ አይደለም፤ የአፍንጫ ተፈጥሮ ነው። ለዚህ ነው ቀማሚዎች ሁለት ሦስት ምስክ የምንደባልቀው። ጋላክሶላይድ ያመለጠው ሰው በብራሲሌቱ ይይዘዋል።

አንድ እናት ሱቄ መጥተው ጠርሙስ መለሱልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ውሃ ነው» አሉኝ። ከሳቸው ጋር የመጣችው ልጃቸው ግን «እማዬ፣ ነጠላሽ እኮ ሁሉ ሸቷል» አለች። ሌላ ምስክ በወረቀት ላይ ሰጠኋቸው፤ ወዲያው ያዙት። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ዓይነት አሽቱ፤ አብሯችሁ ያለው ሰውም ያሽት።

የኡድ ስንጣሪ ስገዛ እውነተኛውን እንዴት ልለየው?

መስጠሙን አትመኑ። ተራ እንጨት በቀለምና በዘይት ተጨምቆ እንዲከብድ የሚደረግበት ዘዴ አለ። እኔ ራሴ ከአንድ ነጋዴ ግማሽ ኪሎ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ስንጣሪ ገዝቼ ነበር። ውሃ ውስጥ ጨመርኩት፣ ሰጠመ፣ ደስ አለኝ። ቤት ስደርስ በነጭ ጨርቅ ጠረግኩት፤ ጨርቁ ቡናማ ሆነ። በቢላ ስሰነጥቀው ውስጡ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጥቁር ነው። እውነተኛ ኡድ እንደዚያ አይደለም። ሙጫው በመስመር በመስመር ነው የሚሄደው፤ በመሃሉ የነጣ እንጨት ይታያል።

ሁለተኛው ፈተና ቀዝቃዛ ሽታው ነው። እውነተኛው ስንጣሪ ሳይሞቅ በጥቂቱ ብቻ ይሸታል። ከረጢቱ ሲከፈት ቤቱን የሚሞላ ከሆነ ሽቶ ተቀብቷል። ከዚያ ትንሽ ስባሪ ፍም ላይ አድርጉ፤ ፍሙ ግን አመድ ይልበስ፤ በጣም ከጋለ ሁሉም የተቃጠለ እንጨት ነው የሚሸተው። እውነተኛው ላይ ሙጫው ሲፍለቀለቅ በዓይን ይታያል፤ መዓዛው ቀስ ብሎ ይመጣና እየተለወጠ ይሄዳል። የተቀባው መጀመሪያ ላይ ጣፋጭ ሽታ በአንዴ ይለቅና ወዲያው ወደ ተራ ጢስ ይወርዳል፤ ዓይንም ያቃጥላል።

ለዘይቱስ ፈተና አለ?

የወረቀት ፈተና ይረዳል። እውነተኛ የምትሉትንና የምትጠራጠሩትን ዘይት በተለያየ ነጭ ወረቀት ጫፍ ነክሩና ጠዋት፣ ከሰዓትና በማግስቱ አሽቱ። እውነተኛው ይለዋወጣል፤ መጀመሪያ በረት ወይም ቆዳ፣ ቆይቶ ጣፋጭ እንጨት ይላል። ቅመሙ ብዙ ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ያው ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ምስኩ ብቻ ነው። ግን ጎበዝ ቀማሚ ይህንንም ሊሸውድ ይችላል። ቁርጡን የሚናገረው ንጥረ ነገሩን የሚነጣጥል የቤተ ሙከራ መሣሪያ ነው። የክርን ቆዳ ላይ መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል፣ ውሃ ላይ ማንጠባጠብ የሚባሉት አይለዩም።

«ትንሽ እውነተኛ ኡድ ተጨምሮበታል» ሲሉኝ ልመን?

ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ስንት የሚለው ነው። የዘይቱ ዋጋ በኪሎ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው። ለስሌት ያህል 10,000 ዶላር እንበለው፤ 1 ግራም 10 ዶላር ነው። የ3 ግራም ጠርሙስ ሙሉ በሙሉ እውነተኛ ቢሆን ዘይቱ ብቻ 30 ዶላር ነው። 5 በመቶ ቢገባበት 1 ዶላር ከ50፣ 1 በመቶ ቢገባበት 30 ሳንቲም። ጋላክሶላይድ ግን ኪሎው በአሥሮች በሚቆጠር ዶላር ነው፤ የ3 ግራሙ ወጪ ከቁጥር አይገባም።

ስለዚህ በጥቂት መቶ ብር ጠርሙስ ውስጥ 1 በመቶ እውነተኛ ኡድ መኖሩ የማይቻል ነገር አይደለም። ሻጩ አልዋሸም። ግን 1 በመቶው በምስኩና በሲፕሪዮሉ ስር ይሰወራል፤ የምታሸቱት ቅመሙን ነው። በመቶኛ ንገረኝ በሉት። መቶኛውን የማይነግር ሻጭ ጋር የቅመም ዋጋ ክፈሉ፣ የኡድ ዋጋ አትክፈሉ።

ሰው ሠራሹ ጉዳት የለውም?

ቆዳ ላይ ዛሬ የሚሸጡት ዋና ዋናዎቹ ምስኮች በተፈቀደው መጠን ለአብዛኛው ሰው ችግር አይፈጥሩም። ቆዳችሁ የሚቆጣ ከሆነ ክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ቶሎ ቶሎ የሚያስቆጣው ብዙ ጊዜ ምስኩ ሳይሆን ሌላው ነው፤ ያልተጣራ ሬንጅ፣ ወይም ሻጩ ለማብዛት የጨመረው ያልታወቀ ማቅጠኛ።

እኔን የሚያሳስበኝ ውሃው ነው። ጋላክሶላይድ ጨርቅ ላይ የሚቆየው በቀላሉ ስለማይፈርስ ነው። በዚያው ጠባዩ ከልብስ እጥበት ጋር ወደ ወንዝና ሐይቅ ይገባል። በሌሎች አገሮች በፍሳሽ ውሃና በዓሣ ሥጋ ውስጥ ተገኝቷል። ሰፊ ክብ ያላቸው እንደ ብራሲሌት ያሉት ግን በተፈጥሮ ቶሎ ይፈርሳሉ። ዋጋቸው ትንሽ ከፍ ይላል። እኔ ከዓመት ወዲህ ጋላክሶላይዱን እየቀነስኩ ብራሲሌቱን እየጨመርኩ ነው። በቅመሙ ላይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የጨመረው ዋጋ ጥቂት ብር ነው። የምንታጠብበት ውሃ ዞሮ ዞሮ ጣና ወይም ዓባይ ነው የሚገባው።